ከውጭ አገር የታዘዘ የጌም ኮንሶል፦ ቀረጡን ማን ይከፍላል? ጉዳቱንስ ማን ይሸከማል?

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር የኢንተርኔት ሱቅ የጌም ኮንሶል በ400 ዶላር ገዛሁ፤ ለማጓጓዣ 60፣ ለኢንሹራንስ 10 ዶላር ጨምሬ ከፍያለሁ። አሁን አጓጓዡ ድርጅት 139 ዶላር ከ55 ሳንቲም ካልከፈልኩ ዕቃውን እንደማያስረክበኝ ነገረኝ፤ ዝርዝሩን አያይዣለሁ። ሻጩ ግን «ሙሉውን ከፍለሃል» ብሎኝ ነበር። በተላከልኝ ፎቶ ላይ የካርቶኑ አንድ ጥግ ተጨፍልቋል። የመክፈል ግዴታ አለብኝ? ውስጡ ተሰብሮ ባገኘውስ? ወደፊት ሻጩ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ እንዲጽፍልኝ ብጠይቅ ችግር አለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በጉዳይዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ግንኙነቶች አሉ። በጉምሩክ ፊት ዕቃውን ወደ አገር የሚያስገቡት እርስዎ ስለሆኑ ቀረጡና ታክሱ የሚጠየቀው ከእርስዎ ነው፤ ከሻጩ ጋር የተስማሙት ነገር ይህንን አያስቀረውም። ወጪው በመጨረሻ የማን ይሁን የሚለውን የሚወስነው ግን የሽያጭ ውሉ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ የትእዛዝ ማረጋገጫዎንና የሱቁን የማጓጓዣ ሁኔታዎች ይመልከቱ። DDP የሚል ከተጻፈ ሻጩ ቀረጡንና ታክሱን ራሱ ከፍሎ ሊያስረክብዎት ግዴታ ገብቷል ማለት ነው። DAP ከሆነ ደግሞ እስከ ተባለው ቦታ የማድረስ ኃላፊነት የሻጩ ሲሆን የመግቢያ ቀረጥና ታክስ የገዢው ነው። እነዚህ ቃላት ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ያወጣቸውና በ2020 እትሙም የሚገኙ የታወቁ የሽያጭ ቃላት ናቸው። «ሙሉውን ከፍለሃል» የሚለው መልእክት ዋጋውንና ማጓጓዣውን ብቻ ማለት ሊሆን ስለሚችል ብቻውን በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ከውሉ ጋር ተደምሮ ግን ይጠቅማል፤ እንዳይሰርዙት።

ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ በላኩት ዝርዝር ላይ ጉምሩክ 400፣ 60 እና 10 ዶላርን ደምሮ 470 ዶላርን የቀረጥ መነሻ አድርጓል። በዚህ ላይ 10 በመቶ ቀረጥ 47 ዶላር ይሆናል፤ ከዚያ 470ና 47 ተደምረው በሚገኘው 517 ዶላር ላይ 15 በመቶ ታክስ 77 ዶላር ከ55 ሳንቲም ይመጣል። ሁለቱ አንድ ላይ 124 ዶላር ከ55 ሳንቲም ናቸው። የቀረው 15 ዶላር የመንግሥት ገንዘብ ሳይሆን፣ አጓጓዡ ቀረጡን ቀድሞ ስለከፈለልዎትና ጉዳዩን ስላስፈጸመ የሚጠይቀው የአገልግሎት ክፍያ ስለሆነ በታወቀ የክፍያ ዝርዝሩ ላይ መኖሩን ማረጋገጥ ይገባዎታል።

በዚህ ሒሳብ ሁለት ነገር ይመርምሩ። የመጀመሪያው የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪ በመነሻው ዋጋ ውስጥ መግባቱ ነው። የዓለም ንግድ ድርጅት የጉምሩክ ዋጋ ስምምነት ይህን ለእያንዳንዱ አገር ስለተወው፣ ብዙ አገሮች ወጪዎቹን ይደምራሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የዕቃውን ዋጋ ብቻ ይወስዳሉ። በእርስዎ አገር ሕግ የማይደመር ቢሆን ኖሮ ቀረጡ 40፣ ታክሱ 66 ዶላር ሆኖ 18 ዶላር ከ55 ሳንቲም ይቀንስ ነበር። ሁለተኛው የታሪፍ ቁጥሩ ነው። የጌም ኮንሶል በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት የሚመደበው በ9504.50 ነው፤ በዲክላራሲዮኑ ላይ እንደ ተራ መጫወቻ በ9503 ወይም እንደ ኮምፒውተር በ8471 ተጽፎ ካገኙት ምጣኔው ሊለያይ ስለሚችል እንዲታረም ይጠይቁ። በተጨማሪም በ2015 የተስፋፋውን የመረጃ ቴክኖሎጂ ምርቶች ስምምነት የተቀበሉ አገሮች በኮንሶል ላይ ያለውን ቀረጥ ለማስቀረት ቃል ገብተዋል፤ አገርዎ ከእነዚህ አንዷ ከሆነች 10 በመቶው ራሱ ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

አገርዎ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ከሆነች፣ የጉምሩክ ዋጋው እንዴት እንደተወሰነ በጽሑፍ እንዲገለጽልዎ የመጠየቅና ያለ ቅጣት ይግባኝ የማለት መብት የጉምሩክ ዋጋ ስምምነቱ ይሰጥዎታል። ሆኖም ክርክሩ እስኪያልቅ ዕቃውን መጋዘን ውስጥ መተው አልመክርም፤ የማከማቻ ክፍያው በየቀኑ ስለሚጨምር ክርክሩ የሚያተርፈውን ሊበልጥ ይችላል፤ ጊዜው ሲያልፍም ዕቃው ወደ ላኪው ሊመለስ ወይም እንደተተወ ሊቆጠር ይችላል። ውሉ DDP ከሆነ ለሻጩ አጭር ቀነ ገደብ ሰጥተው በጽሑፍ እንዲከፍል ይጠይቁት፤ ካልከፈለ መብትዎን ጠብቀው መክፈልዎን በጽሑፍ ገልጸው ይክፈሉ፣ ደረሰኙን ይዘውም ከእርሱ ይጠይቁ።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው የተጨፈለቀው ካርቶን ነው። ዕቃውን ሲረከቡ ምንም ሳይጽፉ ቢፈርሙ፣ ስለ ዓለም አቀፍ የአየር ማጓጓዝ በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት ይህን ዕቃው በደህና ለመድረሱ የመጀመሪያ ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ጉዳቱን በርክክብ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይጻፉ፣ ካርቶኑን ከሁሉም ጎን ፎቶ ያንሱ፣ ሲከፍቱም ቪዲዮ ይቅረጹ፣ ማሸጊያውን አይጣሉ። ውጪው ደህና መስሎ ውስጡ የተጎዳ ኮንሶል ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዲስክ ሲገባበት፣ ማራገቢያው ሲሽከረከርና የቪዲዮ ገመዱ ሲሰካ ስለሆነ በዚያው ቀን አብርተው ይሞክሩት። በአየር የተጓዘ ዕቃ ከተጎዳ፣ ጉዳቱን እንዳወቁ ወዲያውኑ፣ ቢዘገይ ደግሞ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ ለአጓጓዡ በጽሑፍ ማመልከት አለብዎት፤ ይህ ጊዜ ካለፈ በአጓጓዡ ላይ ያለዎት ክስ ይዘጋል ማለት ይቻላል።

ከአጓጓዡ የሚያገኙት ካሳም ወሰን አለው። ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ ጣሪያው በኪሎ ግራም 26 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። እሽጉ 6 ኪሎ ቢመዝን 156 ኤስዲአር፣ ማለትም ከ200 ዶላር ትንሽ ከፍ የሚል ገንዘብ ነው፤ የኮንሶልዎ ዋጋ ግን 400 ዶላር ነው። ልዩነቱን የሚሞላው የከፈሉት የ10 ዶላር ኢንሹራንስ ስለሆነ፣ ለስንት ዶላርና በማን ስም እንደተገባ የሚያሳየውን ሰነድ ከሻጩ አሁኑኑ ይጠይቁ። ዕቃው የመጣው በፖስታ ቤት በኩል ቢሆን ግን የሞንትሪያል ስምምነት አይሠራም፤ በፖስታ ሕግ አቤቱታ ማቅረብ በመሠረቱ የላኪው መብት ነው፣ ፍለጋውም ዕቃው በተላከ በ6 ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት።

ከአጓጓዡ በፊት ግን ሻጩን መጠየቅ የተሻለ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። በአውሮፓ ኅብረት የ2011 የሸማቾች መብት መመሪያና በብሪታንያ የ2015 የሸማቾች መብት ሕግ መሠረት፣ ዕቃው በሸማቹ እጅ እስኪገባ ድረስ የመጥፋትና የመበላሸት ኃላፊነቱ የነጋዴው ነው። ይህ ጥበቃ ግን ሻጩ ያላቀረበውን አጓጓዥ ገዢው ራሱ መርጦ ካሠማራ ይቀራል፤ ኃላፊነቱ ዕቃው ለዚያ አጓጓዥ በተሰጠበት ጊዜ ወደ ገዢው ይዞራል። በርካሽ ዋጋ በሌላ አገር ባለ የተቀባይ አድራሻ በኩል የሚያስመጡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጎዱት በዚህ ነው።

ዋጋን ዝቅ አድርጎ ማስጻፍን ወይም «ስጦታ» ማስባልን በተመለከተ፣ ፈጽሞ አይጠይቁ። ሐሰተኛ የጉምሩክ መግለጫ ዕቃውን ሊያስወርስና ሊያስቀጣ የሚችል ድርጊት ነው፤ 400 ዶላር የከፈሉበት ኮንሶል በ50 ዶላር ተገልጾ ቢጠፋም አጓጓዡና ኢንሹራንሱ የሚያዩት 50 ዶላሩን ነው።

ኮንሶሉ ተሰብሮ ተገኝቶ ለሻጩ የሚመለስ ከሆነ፣ ለአጓጓዡ ከመስጠትዎ በፊት ጉምሩክን ስለ ቀረጥና ታክስ ተመላሽ ይጠይቁ፤ ብዙ አገሮች ዕቃው በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር ከአገር መውጣቱን የሚያሳይ ሰነድ ስለሚጠይቁ፣ ሳያመለክቱ የላኩትን ዕቃ በኋላ ማረጋገጥ አይቻልም፤ የከፈሉት 124 ዶላር ከ55 ሳንቲምም ሳይመለስ ይቀራል።