እናቷ ላረፉባት ባልደረባ የሚቀርበው የመጀመሪያ ሰላምታ

«የሥራ ባልደረባዬ እናቷ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ለቀብሩ ዘጌ አልሄድኩም፤ እስካሁን ለቅሶም አልደረስኩም። ሰኞ ወደ ቢሮ ትመለሳለች። ስታየኝ መጀመሪያ ምን ልበላት? ‹እንዴት ነሽ› ማለት ከብዶኛል።»

የመጀመሪያው ቃልዎ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሁን፤ ከእርሱ በፊት «እንዴት ነሽ»ንም ሆነ «እንዴት አደርሽ»ን አያስቀድሙ። የዘወትር ሰላምታችን መልስ የሚጠብቅ የጥያቄ ሰንሰለት ነው። «ደህና ነሽ?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን» ይባላል፤ አፍም በልማድ «ቤተሰብ ሁሉ ደህና?» ብሎ ይቀጥላል። ሐዘንተኛዋ በዚህ ጊዜ ወይ ደህና ሳትሆን ደህና ነን ማለት፣ ወይ የእናቷን ሞት በቢሮ በር ላይ ቆማ እንደገና ማርዳት ግድ ይሆንባታል። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ግን የሚጠይቀው «አሜን»ን ብቻ ነው፤ እርሱንም ጉሮሮዋ ቢተናነቃት በራስ ንቅናቄ ልትመልሰው ትችላለች።

እርስዎ ለቅሶ ያልደረሱ በመሆንዎ ነገሩ የበለጠ ይጠነክራል። ያልደረሰ ሰው እንደ ወትሮው ሰላም ካለ ወይ አልሰማም፣ ወይ ሰምቶ እንደ ዋዛ አሳልፎታል ተብሎ ይታሰባል። ብዙ ሰው ይህን ፈርቶ መንገድ ይቀይራል፣ በሌላ በር ይገባል፤ በሠፈራችን እድር ውስጥ ካየሁት ሁሉ ሐዘንተኛን የሚያስቀይመው ከተሳሳተ ቃል ይልቅ ይህ መሸሽ ነው።

ሰኞ ጠዋት እርሷ ወደ ጠረጴዛዎ እስክትደርስ አይጠብቁ፤ ሲያዩዋት ከወንበርዎ ተነሥተው ይሂዱ፤ በሁለት እጅ ይጨብጧት፤ ትከሻ የመሳሳም ልማድ ካላችሁ እርሱንም አይተዉ። ከዚያም ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «እግዚአብሔር ያጽናሽ፤ ለአባትሽም ለእህት ወንድሞችሽም መጽናናትን ይስጥ፤ የእናታችንን ነፍስ በገነት ያኑርልን» ይበሏት። «እናትሽ» ከማለት «እናታችን» ማለት ሐዘኑን አብሮ መሸከም ነውና ይመረጣል። ቀጥለው «ሳልደርስ ቀርቻለሁ፤ ይቅር በይኝ፤ ቤትሽ እመጣለሁ» ይበሉና እዚያ ላይ ያቁሙ። ያልሄዱበትን ምክንያት፣ የመኪና ማጣቱን፣ የስብሰባውን ነገር መዘርዘር እርሷን አጽናኝ እርስዎን ተጽናኝ ያደርጋል። ምክንያቱን ከጠየቀችዎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይመልሱ።

አባቴ ያረፉ ጊዜ ወደ ሥራ ስመለስ የግቢያችን ጥበቃ ከጥበቃ ቤታቸው ወጥተው ቆባቸውን አወለቁና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው «እግዜር ያጽናችሁ» አሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ቦርሳዬንም እንደ ሌላው ቀን ሳይፈትሹ አሳለፉኝ። ልብ ብላችሁ እንደሆነ «ያጽናችሁ» ነው ያሉት፤ ብቻዬን ብቆምም ቤቱን በሙሉ ነበር ያጽናኑት። ፎቅ ላይ ደግሞ ነገሩን ያልሰማ አንድ ባልደረባ «ጠፋህ እኮ! ከስተሃልም፤ ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ ተቀበለኝ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ሦስቱም የተለመዱ ሰላምታዎቻችን ወደ አንዱ መልስ፣ ወደ ሞቱ የሚመሩ ነበሩ። ሰው ከሥራ ቆይቶ ሲመጣ፣ ይልቁንም ጥቁር ለብሶ ከሆነ፣ «ጠፋህ» እና «ከሳህ» የሚሉትን መተው ነው።

ከሰላምታው ቀጥሎ ሳናስብ የምንጠይቀው «ምን ሆነው ነው? ታመው ነበር እንዴ? የት አሳከማችኋቸው?» የሚለው ነው። ጠያቂው የሚያሳየው ተቆርቋሪነትን ይመስለዋል፤ ልጅ ግን ሌሊት ሌሊት «ቶሎ ባሕር ዳር አምጥቼ ባሳክማቸው ኖሮ» እያለች ስትብሰለሰል ልትከርም ትችላለችና ጥያቄው የክስ ያህል ይሰማታል። ራሷ ከነገረችዎ ይስሙ፤ ካልነገረችዎ አይጠይቁ። «ዕድሜ ጠግበዋል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ እርሷ ካለችው «እውነት ነው፣ ተመስገን» ይበሉ እንጂ ቀድመው አይበሉት፤ የሰማንያ ዓመት እናትም ብትሆን ለልጇ ያው እናት ናትና። ልጅ ለሞተባቸው ወላጆች «ሌላ ይተካላችኋል» ማለትን ደግሞ ለማንም አልመክርም፤ የሞተውን ልጅ የሚተካ ስለሌለ።

ብታለቅስብዎ «አታልቅሺ፣ ይበቃሻል» አይበሏት። «አይዞሽ» ብለው ዝም ይበሉ፤ ሰው ከሚበዛበት ኮሪደርም ቀስ ብለው ወደ ጎን ይውሰዷት። ባታለቅስም ደግሞ ቻለችው ብለው አይወስኑ፤ የቢሮ ፊትና የቤት ፊት ይለያያሉ።

የእምነቷንም ነገር ይመልከቱ። ከላይ የጻፍኩት ለኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ነው። ፕሮቴስታንት ከሆነች ስለ ሟች ነፍስ መጸለይ በእነርሱ ዘንድ ስለሌለ «ነፍስ ይማር» የሚለውን ይተዉና «እግዚአብሔር ያጽናናችሁ» ይበሉ። ሙስሊም ከሆነች «አላህ ይዘንላቸው፤ ለእናንተም ሶብሩን ይስጣችሁ» ማለት ይስማማል። እርግጠኛ ካልሆኑ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ለሁሉም ይሆናል።

ከሰኞ በፊት ልጻፍላት ካሉ ይችላሉ፤ የቴሌግራም መልእክት ግን ለቅሶ መድረስን አይተካም። አጭር ይሁን፦ «እህቴ፣ የእናታችንን ዕረፍት ሰምቼ አዝኛለሁ። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በገነት ያኑር፤ ለአንቺና ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥ። መልስ እንድትጽፊ አልጠብቅም፤ ሰኞ እንገናኛለን።» የመጨረሻው መስመር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ሐዘንተኛ በዚያ ሰሞን የሚጎርፍለትን መልእክት ሁሉ የመመለስ ዕዳ ከላዩ ያነሣለታል። የሚያለቅስ ፊት ምስል ወይም የአበባ ስዕል አይጨምሩበት።

በዚያው ሳምንት ማታ ከሥራ መልስ ቡናና ስኳር ይዘው ቤቷ ይሂዱ። እዚያም ሲገቡ ቃሉ ያው ነው፤ ተቀምጠው ጥቂት ዝም ማለት ነውር የለውም። ስለ ቢሮ ወሬ ራሷ ከጀመረች ይከተሏት። ሲነሡም «ሐዘን አይደገምባችሁ» ብለው ይውጡ።

ሦስት ሳምንት ከሆናቸው አርባቸው ገና አልደረሰም። ስለዚህ ሊጠይቋት የሚገባው አንድ ጥያቄ «የእናታችን አርባ መቼ ነው የሚውለው?» የሚለው ነው፤ ይህ ጥያቄ ያለፈውን ሳይቀሰቅስ ለቀብሩ አለመድረስዎን በሥራ ይክሳል። ፍትሐቱና ተዝካሩ ዘጌ ከሆነ ከባልደረቦችዎ ጋር ጀልባ ተጋርታችሁ ከባሕር ዳር በጠዋት ተነሡ፤ መንገዱ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆንም ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ስለሚነሣ ማርፈድ አይመከርም። እዚያ አባቷን ሲያገኙ «ያጽናዎት» ብለው ቀድመው ለእርሳቸው፣ ከዚያ ለታላላቆቹ፣ በመጨረሻ ለባልደረባዎ ይድረሱ፤ «የልጅዎ የሥራ ባልደረባ ነኝ» ብለው ራስዎን ማስተዋወቅዎንም አይርሱ፣ አባትየው በዚያ ቀን ማን እንደመጣ በኋላ ልጃቸውን መጠየቃቸው አይቀርምና።