ዳታሽ ኖርማል ባይሆን ችግር የለውም፤ ብዙ በግ ያላቸውን ቤቶች ግን እንዳትሰርዢ

«ሰላም ለግሩፑ። ደቡብ ወሎ አንድ ቀበሌ ውስጥ ከ60 ቤት የበግ ብዛት ሰብስቤ ሂስቶግራሙ ወደ ቀኝ ረጅም ጅራት አወጣ። አንዱ መምህር ‹ዳታሽ ኖርማል አይደለም› ይለኛል፣ ሌላው ‹ሴንትራል ሊሚት ቲዎረም አለ፣ አታስቢ› ይለኛል። እንዲህ የተዛባ ነገር አማካዩ እንዴት ኖርማል ይሆናል?»

እህቴ አብሽሪ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለተለያየ ነገር ነው። እኔ ይህን ልዩነት ሳላውቅ ለጋምቦ ላይ የሠራሁት ስህተት እስከዛሬ ያመኛል። አንቺም እዚያው መንገድ ላይ ያለሽ ስለመሰለኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልሽ።

1. መጀመሪያ ሁለቱን ሂስቶግራሞች ለዪ። አሁን በእጅሽ ያለው የቤቶች ሂስቶግራም ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ቤት ነው። 60 ቤት ጠየቅሽ 6,000፣ ይሄኛው ኖርማል የሚባለውን የደወል ቅርጽ አይመስልም። እንዲያውም ቤት በጨመርሽ ቁጥር ጅራቱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ ምክንያቱም አገሩ እንደዚያ ነው፤ ብዙው ቤት ሁለት ሦስት በግ አለው ወይም ጭራሽ የለውም፣ ጥቂቱ ቤት ደግሞ መንጋ ያሰማራል። ቲዎረሙ ዕጣው ሲበዛ ወደ ደወል ይጠጋል የሚለው ስለሌላ ሂስቶግራም ነው። ወደዚያው ቀበሌ ተመልሰሽ ሌላ 60 ቤት በዕጣ ብታወጪ፣ ደግሞ ሌላ 60፣ ደግሞ ሌላ፣ ከየዙሩም አማካዩን ብቻ ብትመዘግቢ የሚወጣው እሱ ነው። አንቺ የምትሄጂው አንዴ ስለሆነ ያንን ሂስቶግራም በዓይንሽ አታዪውም። የአንቺ አማካይ ከዚያ ውስጥ አንዷ ፍሬ ናት።

2. በወረቀት ሞክሪው። እኔ የገባኝ መጽሐፍ አንብቤ አይደለም፣ አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ ባዶ ሲኒ ውስጥ ብጣሽ ወረቀት ጨምሬ ነው። አሥር ብጣሽ ቆረጥኩ፤ አምስቱ ላይ 0፣ ሁለቱ ላይ 1፣ በቀሩት ሦስቱ ላይ 2፣ 4 እና 12 ጻፍኩ። አሥር ቤት ያለው መንደር በይው። የበጉ ድምር 20 ነው፣ አማካዩ 2። ሰባቱ ቤት ከአማካዩ በታች ነው፤ አማካዩን ወደ ላይ የሚጎትተው ባለ 12ቱ ነው።

አሁን አንድ ብጣሽ አውጪ፣ ጻፊ፣ መልሺ፣ አማስይ። እንዲህ አምስት ጊዜ አድርጊና አማካዩን ያዢ። በአምስት ዕጣ ባለ 12ቱ ጨርሶ የማይወጣበት ዕድል 0.9 በራሱ አምስት ጊዜ ተባዝቶ 0.59 ነው። ስለዚህ ከመቶ ዙር 59ኙ ሀብታሙን ቤት አያየውም፣ አማካዩም ወደ 0.9 አካባቢ ይወርዳል። አንዴ ከወጣ ወደ 3.1 ይዘላል፣ ሁለቴ ከወጣ ወደ 5.3። የአምስት አምስት አማካይ ሂስቶግራም ባለብዙ ጉብታ ነው፤ ደወልም አይደለም፣ የቤቶቹንም ቅርጽ አይመስልም። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ «ይሄ ቲዎረም ውሸት ነው» ብዬ ልተወው ነበር።

አልተውኩትም፣ ወደ 36 ዕጣ አሳደግኩት። በ36 ዕጣ ባለ 12ቱ በአማካይ 3.6 ጊዜ ይወጣል፤ ጨርሶ የሚቀርበት ዕድል ወደ ሁለት በመቶ ይወርዳል። ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ያ ሀብታም ቤት በአምስት ዕጣ ድንገት የሚመጣ እንግዳ ነበር፤ በ36 ግን ሁልጊዜ የሚገኝ ጎረቤት ሆነ። አንዴ ትርፍ ቢወጣ ደግሞ አማካዩን የሚያነሳው 12 ለ36 ተካፍሎ በሚገኘው ብቻ ነው፣ ማለትም በአንድ ሦስተኛ በግ ገደማ። ጉብታዎቹ እርስ በርስ ይቀራረባሉ፣ የትንንሾቹ ቁጥሮች መለዋወጥም ክፍተታቸውን ይሞላዋል፣ አንድ ወጥ ኮረብታ ይሆናሉ። በግራ በኩል ደግሞ 0 ላይ ተለጥፎ የነበረው ክምር ከግድግዳው ይርቃል፤ 36ቱም ዕጣ ዜሮ እንዲሆን አንድ ግማሽ በራሱ 36 ጊዜ መባዛት አለበት፣ ይህም ከስልሳ ቢሊዮን አንድ አይሞላም። ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ጫፍ የሚደረስበት መንገድ በጣም ጠባብ ነው። ወደ 2 አካባቢ የሚያደርሰው የዕጣ ቅይጥ ግን ተቆጥሮ አያልቅም።

ኮምፒውተር ካለሽ ሲኒውን ተዪውና ይህን በአር አስኪጂው፦

```r
bg <- c(0,0,0,0,0,1,1,2,4,12)
m <- replicate(10000, mean(sample(bg, 36, replace=TRUE)))
hist(m)
```

36ቱን ወደ 5 ቀይሪውና ጉብታዎቹን እዪ፣ ከዚያ ወደ 100 አሳድጊው። የቤቶቹ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን 3.55 ነው፤ የአማካዩ ስታንዳርድ ኤረር በ36 ዕጣ ለ6 ተካፍሎ 0.59 ይሆናል። ዝንባሌውም (ስኪውነስ የሚሉት) እንዲሁ በ√n ይካፈላል፣ n የዕጣው ብዛት ነው፤ ከ2.16 ተነስቶ በ36 ወደ 0.36፣ በ100 ወደ 0.22 ይወርዳል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ዕጣዎች ሲደመሩ ወደ አንድ ወገን የሚጎትተው ነገር በ n እጥፍ ያድጋል፣ እሱ የሚለካበት የስፋቱ ኪዩብ ግን በ n√n እጥፍ ያድጋል። መለኪያው ስለሚቀድመው መዛባቱ ይሟሟል። ሌሎቹ የቅርጽ ልዩነቶች ከዚያም ፈጥነው ይጠፋሉ። የሚቀሩት መሃሉና ስፋቱ ብቻ ናቸው፤ በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ተቆርጦ የሚታወቀው ቅርጽ ደግሞ የኖርማል ደወል ነው።

3. አውትላየር አታውጪ። ይህ የኔ ቁስል ነው።

ለጋምቦ ውስጥ አንድ የደጋ ቀበሌ ላይ ለበግ ክትባት ዕቅድ 64 ቤት ቆጠርኩ። ደስታ መሰል በሽታ ይገባል ተብሎ ተፈርቶ ነበር። በጠቅላላው 320 በግ፣ በቤት አማካይ 5። ሦስት ቤቶች ብቻ 52፣ 41 እና 38 በግ ነበራቸው። ወረቀቴን ይዤ ከአቀስታ ደሴ ወርጄ ጥናቱን የሚያጸድቀው ቢሮ ገባሁ። ባለሙያው ቁጭ በል እንኳ አላለኝም። ሂስቶግራሙን አየና «ይሄ ኖርማል አይደለም፣ አስተካክለህ አምጣ» ብሎ ወረወረልኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው ወደ ሌላ ሰው ዞሮ ማውራት ጀመረ። በሁለተኛው ምልልስ «አውትላየር አጥፋ» አለኝ። በሦስተኛው ሦስቱን ቤቶች ሰረዝኩና ቀሪውን 61 ይዤ ሄድኩ፤ ያኔ ማህተም ተመታልኝ።

ምን እንደሠራሁ በቁጥር እዪው። አማካዩ ከ5 ወደ 3.1 ወረደ። ቀበሌው 900 ቤት አለው፤ በ5 ቢባዛ 4,500 በግ፣ በ3.1 ግን 2,790 ብቻ ነው። የከፋው ደግሞ በትክክለኛነቱ መኩራቴ ነው። ሁሉም ቤት እያለ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 9.4 ነበር፣ ለ8 ሲካፈል ስታንዳርድ ኤረሩ 1.2 ገደማ፤ የ95 በመቶ ክልሉ ከ2.7 እስከ 7.3 ይሰፋ ነበር። ሰፊ ነው፣ ግን እውነቱን ይናገር ነበር። ከሰረዝኩ በኋላ ከ2.2 እስከ 4.0 ጠበበልኝ። ጠባብ፣ ያማረ፣ 5ትን ጭራሽ የማይጨምር ክልል። ለዚህ ነው ተመስግኜ የተመለስኩት።

ክትባቱ በሦስተኛው ቀን አለቀ። ጠዋት ነበር፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ባለ 52ቱ አባባ ባናቸውን ተከናንበው በጎቻቸውን ከበረት አውጥተው በአጥሩ ጥግ አሰልፈው ይጠብቁናል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው የበረዶ ሳጥኑን ከፍቶ አሳያቸው፣ ባዶ ነው። እኔን አዩኝና «ልጄ፣ በጎቼን ቆጥረህ ጽፈህ አልነበረም እንዴ? የት ገቡ ታዲያ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

እህቴ፣ ያ ባለሙያ ኖርማል እንዲሆን የፈለገው ቤቶቹ ናቸው። ቲዎረሙ ግን ቤቶቹ ኖርማል እንዲሆኑ አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው አማካዩ ወደ ኖርማል መጠጋቱ ነው፣ እሱም ሀብታሞቹን ቤቶች ይዞ ነው የሚጠጋው። ሜዲያን ተጠቀሚ የሚልሽም ይመጣል። የተለመደውን ቤት ለመግለጽ ጥሩ ነው፣ ግን ሜዲያን በ900 ተባዝቶ የበጉን ድምር አይሰጥሽም። ክትባት የሚታዘዘው በድምር ነው።

አሁን «ናሙናው ከ30 በላይ ከሆነ በቂ ነው» ስለሚሉት። ይሄንን ማንም በጭፍን እንዳያስይዝሽ። የኔ ሲኒ ውስጥ ሀብታሙ ከአሥር አንድ ስለነበር 36 ዕጣ ያዘው። ሀብታሙ ከሺህ ቤት አንድ ቢሆንስ? በ36 ዕጣ ጨርሶ የማይገኝበት ዕድል 96 በመቶ ነው፤ አማካይሽ አብዛኛውን ጊዜ ዝቅ ብሎ ይወጣል፣ ክልሉም ጠባብ ሆኖ ያታልልሻል። ስለዚህ ቁጥሩን የሚወስነው ጅራቱ ውስጥ ያሉት ቤቶች ምን ያህል ብርቅ እንደሆኑ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ትልቁን አንድ ቤት ለጊዜው አውጥተሽ አማካዩን ደግመሽ ስሪ፤ በአንድ ቤት ብቻ አማካዩ በጣም ከተናጋ ናሙናሽ ገና ትንሽ ነው። ይህ ለመፈተን ብቻ ነው፣ ቤቱን መልሺው። የኔም 64 ቤት ቢሆን ሙሉ በሙሉ የተስተካከለ አልነበረም፤ የአማካዩ ዝንባሌ ገና 0.4 አካባቢ ነበር። ዛሬ ቢሆን በቡትስትራፕ፣ ማለትም ከራሱ ከ64ቱ ቤት እየመለስኩ ደጋግሜ ዕጣ በማውጣት፣ ክልሉን አወጣና የላይኛው ጫፍ ከታችኛው ይልቅ ከአማካዩ ራቅ እንዲል እፈቅድ ነበር።

ሌላው፣ 60ዎቹን ቤቶች ከቀበሌው መዝገብ በዕጣ ካላወጣሽ ይህ ሁሉ አይሠራም። በመንገድ ዳር ያሉትን፣ ወይም አንድ ጎጥ ላይ ተጠጋግተው የሚኖሩ ዘመዳሞችን ብትይዢ፣ አንድ ግጦሽ ስለሚጋሩና በጉም አብሮ ስለሚበዛና አብሮ ስለሚያልቅ 60 ቤት እንደ 60 ዕጣ አይቆጠርም።

በዓመቱ ወደዚያው ቀበሌ ስመለስ የጎጥ ሽማግሌዎቹን ይዤ ከ30 በላይ በግ ያላቸውን ቤቶች በስም አስዘረዘርኩ፤ እነሱን አንድ በአንድ ቆጠርኩ፣ ዕጣ የጣልኩት ከቀሪዎቹ ላይ ብቻ ነው። ጅራቱ ከዕጣው ስለወጣ የቀሪው መለዋወጥ ትንሽ ሆነ፣ ያንኑ 64 ቤት ይዤ ክልሉ ያለ ምንም ስረዛ ጠበበ፤ የሀብታሞቹ በግ ደግሞ በቆጠራ እንዳለ ድምሩ ላይ ተጨመረ። ያ ቢሮ አሁንም ሂስቶግራሙን አይቶ ፊቱን አጠቆረ። አልነካውም ብዬ ፈርሜ አስገባሁ። ያን ጊዜ ከአባባ በረት የወጡት በጎች 55 ነበሩ፣ ሁሉም ተከተቡ።