ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ወፈርሽ»፣ «ከሳህ» በሚበዛበት መሥሪያ ቤት ስለ ክብደት ምን ልናገር?

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ደብረ ብርሃን በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት እሠራለሁ፤ የሠራተኞች ጤና በጎ ፈቃደኛም ነኝ። ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው ስብሰባ ላይ ስለ ክብደት ለ10 ደቂቃ እንድናገር ተመርጫለሁ። እኛ ዘንድ ጠዋት ሲገናኙ ‹ወፈርሽ›፣ ‹ምነው ከሳህ› መባባል ልማድ ነው፤ አንዲት ባልደረባዬ በዚህ የተነሳ ምሳ ከእኛ ጋር መብላት ትታለች። አለቆቻችን ደግሞ በሁለት ወር 10 ኪሎ የቀነሰ የሚሸለምበት ውድድር ይዘጋጅ ብለዋል። ሰው ሳላስቀይም፣ እውነቱንም ሳልሸሽግ ምን ልበል?»
(ከሰሜን ሸዋ)

ከ10 ኪሎው ይጀምሩ። በመልካም አነጋገር ላይ ብቻ ቢያተኩሩ አዳራሹ አጨብጭቦ ይበተናል፤ በማግስቱም ቡና ላይ ያው «ወፈርሽ» ይመለሳል። ክፉው ቃል የሚበቅለው ከተሳሳተ ሂሳብ ነው። በሁለት ወር 10 ኪሎ መቀነስ የቁርጠኝነት ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ያመነ ሰው፣ ያልቀነሰችውን ባልደረባውን ሰነፍ ወይም ሆዳም ከማለት አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ ሂሳቡን ያቃኑላቸው።

ለዚህ አንዲት ሴት በምሳሌነት ያቅርቡ። ከመሥሪያ ቤትዎ ማንንም እንዳትመስል ብቻ ይጠንቀቁ። ዕድሜዋ 42፣ ቁመቷ 1 ሜትር ከ60፣ ክብደቷ 82 ኪሎ ይሁን። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምትውል ናት፤ አካሏ በቀን የሚያቃጥለው ወደ 2,000 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ይይዛል። 10 ኪሎ ስብ በ60 ቀን ለማጣት ታዲያ በየቀኑ ወደ 1,300 ካሎሪ የሚጠጋ ጉድለት ያስፈልጋታል። ይህ ማለት ሁለት ወር ሙሉ በቀን በ700 ካሎሪ ትኑር ማለት ነው። እንዲህ ያለ አመጋገብ በሐኪም ክትትል ካልሆነ በስተቀር ለማንም አይታዘዝም፤ የአዳራሽ ሽልማት ሊያዝዘው ይቅርና።

አሁን የሚቻለውን ያሳዩ። ይህች ሴት በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ ትጠጣለች፤ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር ታደርጋለች። በደብረ ብርሃን ብርድ ይህ ብዙ አይባልም። ወደ አንድ ማንኪያ ብታወርደው 130 ካሎሪ ያህል ይቀንስላታል። ወጡ ላይ የሚፈስሰው ዘይት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቢቀርላት 240 ገደማ ነው። ዘይቱ በተለይ ሊነሳ የሚገባው ነው፤ ጾም ስለሆነ አይወፍርም ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው፣ ነገር ግን የጾም ሽሮና ምስር ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት እንዲጣፍጥ ዘይቱ ይበዛበታል። በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ፈጠን ብላ ብትራመድ ደግሞ ወደ 150 ካሎሪ ታቃጥላለች። ሲደመር 500 ካሎሪ ገደማ ይሆናል፤ በሳምንት ወደ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለው ሁለት ነገሮችን ያስረዱ፤ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በእነርሱ ነውና። አንደኛው የመጀመሪያው ሳምንት ነው። ምግብ የቀነሰ ሰው በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ኪሎ ሊጥል ይችላል። አብዛኛው ውኃ ነው፤ ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ሲያልቅ አብሮት የተያዘው ውኃ ይወጣል። በሁለተኛው ሳምንት ሚዛኑ ዝግ ሲል ሰውየው «ሰውነቴ እምቢ አለኝ» ይላል፣ ጎረቤቱ ደግሞ «ተመልሰህ ጀመርክ እንዴ?» ይለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ጨው የበዛበት እራት ብቻውን በማግስቱ ሚዛኑን አንድ ኪሎ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለተኛው ከጥቂት ወራት በኋላ የሚመጣው መቆም ነው። ሰውነት ሲያንስ የሚያቃጥለውም ያንሳል። በዚያ ላይ ከስብ የሚመነጨውና ለአንጎል «በቃኝ» የሚለው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ይቀንሳል፤ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ደግሞ ይጨምራል። ቀደም ሲል በአንድ እንጀራ የጠገበችው ሴት ኪሎ ከቀነሰች በኋላ በዚያው እንጀራ አትጠግብም። ይህ የጠባይ ድክመት አይደለም፤ አካል ረሃብ መጣብኝ ብሎ ራሱን ሲከላከል ነው። ከቀነሱት ሰዎች ብዙዎቹ ከፊሉን መልሰው የሚጨምሩትም በዚህ ምክንያት ነው። በንግግርዎ ይህን አንድ ነጥብ ብቻ በደንብ ቢያስረዱ፣ «ቀንሰሽ ነበር፣ ምነው መለስሽው?» የሚለውን ጥያቄ ከመሥሪያ ቤትዎ ያወጡታል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ የዚች ሴት ግብ ምን ይሁን? በቁመትና በክብደት ሠንጠረዥ «ትክክለኛ» ወደሚባለው ለመግባት ወደ 64 ኪሎ መውረድ አለባት፤ 18 ኪሎ መቀነስ ማለት ነው። እኔ ክሊኒክ ብትመጣ ይህን ቁጥር አልነግራትም። በስድስት ወር ከ82 ኪሎዋ አራት እስከ ስድስት ብትቀንስ ትልቅ ነገር ነው እላታለሁ። ጤና የሚሻሻለው ሠንጠረዡ ውስጥ ሲገቡ ብቻ አይደለም። ከክብደት ላይ ከመቶ 5 ያህሉን መቀነስ የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ዝቅ ማድረግ ይጀምራል፤ የላይኛው የግፊት ቁጥር በአማካይ በእያንዳንዱ ኪሎ አንድ ያህል ይወርዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2002 በአሜሪካ የወጣ ሰፊ ጥናት ለስኳር በሽታ የተቃረቡ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ለተሳታፊዎቹ የተሰጣቸው ግብ ከክብደታቸው ከመቶ 7 እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ ነበር፤ ወደ ስኳር በሽታ የመግባት ዕድላቸው በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከመቶ 58 ቀነሰ። በአማካይ የቀነሱት ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ለአለቆችዎ ይህን ያንብቡላቸው።

ወደ ቃሉ እንምጣ። በእኛ ደጋ «ወፈርሽ» የሚለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አስቦ አይደለም፤ «ተመችቶሻል» ማለቱ ነው። «ከሳህ» የሚለውም አዝኖ ነው። ስለዚህ መድረክ ላይ ወጥተው ሰዎቹን እንደ ጥፋተኛ አይቁጠሯቸው፣ ይቆጣሉ። ይልቁንስ ተናጋሪው የማያውቀውን ይንገሯቸው። የሦስት ወር የወሊድ መቆጣጠሪያ መርፌ አንዳንድ ሴቶችን ያወፍራል። ለአስም ወይም ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ፊትን ያሳብጣል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይከፍታል። ኢንሱሊን የጀመረ የስኳር ታማሚ ጥቂት ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ አንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም እንዲሁ። የታይሮይድ እጢው ሥራ የቀነሰበት ሰው ብርድ ብርድ እያለውና እየደከመው ይወፍራል። «ወፈርሽ» የተባለችው ሴት እንግዲህ ሁለት ምርጫ አላት፦ በሰው ፊት የሕክምና ምስጢሯን ማውጣት፣ ወይም ፈገግ ብሎ ማለፍ። ከምሳ የቀረችው ባልደረባዎ ግን ሦስተኛውን፣ መራቅን፣ መርጣለች።

በክብደታቸው የሚሸሞርባቸው ሰዎች በዚህ ምክንያት አይቀንሱም፤ ጥናቶች የሚያሳዩት ተቃራኒውን ነው። ተደብቀው አብዝተው ይበላሉ፣ በሰው ፊት መራመድና መንቀሳቀስ ያፍራሉ፣ ሚዛን ላይ ላለመውጣት ብለው ከጤና ጣቢያ ይርቃሉ። እኔ ዘንድ የሚመጡት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ራስ ምታት ሲጠናባቸው ነው።

ለንግግርዎ የሚሆን ቃል ከፈለጉ እንዲህ ቢሉ ደስ ይለኛል፦ «ወገኖቼ፣ ስንገናኝ የእናት የአባቱን፣ የልጆቹን፣ የብርዱን እንጠያየቅ፤ ኪሎውን ባለቤቱ ካላነሳው አናንሳ። ባለቤቱ ካነሳው ‹ምን ላግዝህ?› እንበል፤ ምክር ካልጠየቀን አንምከር። ‹መክሳቱ አሳመረሽ› ማለትም ቢሆን ያልነገረችንን በሽታ ማመስገን ሊሆን ይችላል።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር አዳራሹን ዝም ታሰኘዋለች፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለው ከባዱ ክፍል ነውና ይጠቀሙባት።

ከባዱ ክፍል ይህ ነው፦ አለማንሳት ማለት ወዳጅ ሲታመም እያዩ ማለፍ አይደለም። ሳይሞክር የከሳ ሰው መታየት አለበት። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ ከመቶ 5 ያህሉ፣ ለምሳሌ ከ60 ኪሎ ሦስቱ፣ ያለምክንያት ከሄደ ምርመራ ያስፈልገዋል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳልና የሌሊት ላብ ካለው የሳንባ ነቀርሳ ይጠረጠራል። ውኃ ጥሙና ሽንቱ በዝቶ የከሳ ሰው ደም ስኳሩ ይለካ። እየበላ የሚከሳ፣ ልቡ የሚመታ፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ የታይሮይድ እጢው ሥራ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ኤች አይ ቪ፣ ካንሰርና ድባቴም አሉ። የቅርብ ወዳጁ ከሰው ለይቶ «ሰሞኑን ደህና ነህ? አብሬህ ጤና ጣቢያ ልምጣ?» ቢለው ይበቃል። በኮሪደር «ምነው ከሳህ!» ብሎ መጮህ ግን ያንን ሰው ከጤና ጣቢያ ይበልጥ ያርቀዋል፤ ሰዎች ከመክሳት ጋር ምን እንደሚያያይዙ እርሱም ያውቀዋልና።

ውድድሩን በተመለከተ ለአለቆችዎ በግል ይንገሯቸው እንጂ መድረክ ላይ አይንቀፏቸው። እንዲህ ያለ ውድድር ሲዘጋጅ የማየው ይህን ነው፦ ከሚዛን በፊት ሁለት ቀን ውኃ የማይጠጣ፣ ገበያ ላይ «የክብደት ሻይ» እየተባለ የሚሸጠውን የሚያስቀምጥ ቅጠል የሚጠጣ ሰው ይመጣል። የሚጠፋው ውኃና ጨው እንጂ ስብ አይደለም። ከሁሉ የምፈራው ግን የስኳር መድኃኒት ለሚወስዱት ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ እየወሰደ ምግብ የዘለለ ሰው ስኳሩ ድንገት ይወርዳል፤ ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ግራ ይጋባል፣ ራሱንም ሊስት ይችላል። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶችም በእንዲህ ያለ ውድድር ሊገቡ አይገባም።

የሽልማቱ ገንዘብ የማይቀር ከሆነ፣ የግፊት መለኪያ ይገዛበት። ሚዛኑም አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን በር በሚዘጋ ክፍል ይቀመጥ። የወገብ ዙሪያቸውን ለማወቅ ለሚፈልጉ የልብስ ሰፊ ሜትር አጠገቡ ያኑሩ፤ የሚለካው ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት መካከል ነው፣ ትንፋሽ አውጥተው። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ግፊትና ስኳር መለካት ይገባል። መዝገብ አይኑር፤ ቁጥሩን የሚያየው የተለካው ሰው ብቻ ይሁን።