አለቃዬ በማይደረስ ቀን ጨርሺ አሉኝ፣ ምን ልበላቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጠበቃ፣ በአንድ አስመጪ ድርጅት አካውንታንት ነኝ፣ ደመወዜ 20,800 ብር ነው፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በቀን 8 ሰዓት እሠራለሁ። የሰኔ 30 ሂሳብ እየዘጋን ነው። ቅዳሜ ወደ ቤት ልወጣ ስል ሥራ አስኪያጁ ጠርተውኝ የአምስቱ ባንክ አካውንት፣ የሦስቱ መጋዘን ቆጠራና የደንበኞች ተሰብሳቢ በሙሉ በሚቀጥለው ቅዳሜ አልቆ ለብድር ወደ ባንክ ይገባል አሉኝ። አምና ብቻዬን ስሠራው ሁለት ሳምንት ሙሉ ፈጅቶብኛል። አልችልም ብላቸው ያባርሩኛል? ዝም ብዬ እያመሸሁ ብሠራስ ኦቨርታይም ይከፈለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም አታድርጊ። «አልችልም» ብለሽም አትውጪ፣ ዝም ብለሽም አታምሺ። ሁለቱም የሚጎዱት አንቺን ነው፣ ለምን እንደሆነ ልንገርሽና ከዛ ምን ብለሽ እንደምትጽፊላቸው አብረን እናያለን።

መጀመሪያ «አልችልም» የሚለውን እንየው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት ሠራተኛ በሥራ ውሉና በሥራ ደንቡ መሠረት የሚሰጠውን ትዕዛዝ የመፈጸም ግዴታ አለበት፣ ሂሳብ መዝጋት ደግሞ የተቀጠርሽበት ሥራ ስለሆነ ይሄ አይመለከተኝም ማለት አትችይም። አንድ ዴድላይን ስላለፈሽ ብቻ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ለእሳቸውም ቀላል አይደለም፣ ሕጉ ከችሎታ በታች መሥራትን ለስንብት ምክንያት የሚያደርገው ሠራተኛው ችሎታው እያለው በኅብረት ስምምነት ወይም ሁለታችሁ ከተስማማችሁበት የሥራ መጠንና ጥራት በታች እየሠራ ሲቀጥል ነው፣ ቅዳሜ ማታ አንድ ወገን ብቻውን ያስቀመጠው ቀን ስምምነት አይባልም። ችግሩ ግን «አልችልም» ያልሽው ነገር ፋይልሽ ውስጥ ሲገባ ጊዜ አነሰኝ ያለች ሠራተኛ ሳይሆን ትዕዛዝ እምቢ ያለች ሠራተኛ ሆነሽ ትነበቢያለሽ፣ ብዙ ድርጅቶች ደግሞ በሥራ ደንባቸው ላይ ለትዕዛዝ እምቢታ ማስጠንቀቂያ አስቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ማስጠንቀቂያ በገዛ አፍሽ ለምን ትሰጫቸዋለሽ።

ዝም ብሎ ማምሸቱ ደግሞ ይብሳል፣ እኔ ጋ የሚመጡት አብዛኞቹ የኦቨርታይም ጉዳዮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። አንቀጽ 66 ትርፍ ሰዓት የሚሠራው በአሠሪው ግልጽ ትዕዛዝ ነው ይላል፣ ትዕዛዙንና የተሠራውን ሰዓትም አሠሪው እንዲመዘግብ ያዛል። አንቺ በራስሽ ተነሳሽነት እስከ ማታ 3 ሰዓት ቆይተሽ ብትሠሪ ነገ «ማን አዘዘሽ? እኔ በቅዳሜ ይድረስ አልኩ እንጂ አምሺ አላልኩም» ይሉሻል፣ ያን ጊዜ ዴድላይኑ ራሱ የማምሸት ትዕዛዝ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል ግን አድካሚ ነው፣ የምትይዢውም ወረቀት የለም። ትርፍ ሰዓቱም ቢሆን ወሰን አለው፣ በቀን 4 ሰዓት በሳምንት 12 ሰዓት ነው፣ ከዛ በላይ አለቃም ቢፈልግ አንቺም ብትፈቅጂ ሕጉ አይፈቅድም።

እንግዲህ የሚያዋጣሽ ሥራውን በሰዓት ተምነሽ ምርጫውን እሳቸው እጅ ላይ ማስቀመጥ ነው። አምና ሁለት ሳምንት ከፈጀ 96 ሰዓት ገደማ ማለት ነው፣ እስቲ እንበታትነው (ቁጥሩን አንቺ በራስሽ ልክ ታስተካክይዋለሽ)፦ አምስቱ የባንክ ሪኮንሲሌሽን 14 ሰዓት፣ የደንበኞች ተሰብሳቢ 16 ሰዓት፣ እያንዳንዱ መጋዘን 22 ሰዓት፣ ከ22ቱ ውስጥ 12ቱ ዕቃውን መቁጠር 10ሩ ደግሞ ቆጠራውን ከመዝገብ ጋር ማስታረቅ። ሦስቱ መጋዘን 66 ሆነ፣ ድምር 96። አንድ ሳምንት ደግሞ 48 መደበኛ ሰዓት አለው፣ የሚፈቀደው ትርፍ ሰዓት በሙሉ ቢጨመርበት 60 ነው። ስለዚህ ብቻሽን፣ ሕጉ እስከፈቀደው ድረስ አምሽተሽም፣ 36 ሰዓት ይጎድልሻል። ይሄ ስንፍናም አቅም ማነስም አይደለም፣ አለቃሽም አካውንታንት ባይሆኑም ሥራ አስኪያጅ ናቸውና ይገባቸዋል።

አሁን ቁጥሩን ገልብጪው። ከሌላ ክፍል ሦስት ሰው ቢመደብና ቆጠራውን እነሱ ቢሠሩ 36 ሰዓት ከላይሽ ይወርዳል፣ የሚቀረው ልክ 60 ነው፣ በ12 ሰዓት ኦቨርታይም ቅዳሜ ያልቃል ማለት ነው። ሰው የለም ካሉ ደግሞ ባንኩን፣ ተሰብሳቢውንና ትልቁን መጋዘን አስቀድመሽ ብትሠሪ 52 ሰዓት ነው፣ 4 ሰዓት ብቻ አምሽተሽ ቅዳሜ ይደርሳል፣ ሁለቱ ትንንሽ መጋዘኖች 44 ሰዓት ስለሚፈልጉ በቀጣዩ ሳምንት ያልቃሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፣ ባንኩ በትክክል የጠየቀው ምንድነው? አንዳንዴ የብድር ክፍሉ የሚበቃው ያልተጣራ ትራያል ባላንስና የባንክ ሪኮንሲሌሽን ሆኖ ሳለ መሥሪያ ቤቱ በራሱ ድንጋጤ ሙሉ ሂሳብ ካልተዘጋ ይላል፣ ይሄን ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። አንድ ስልክ ሳምንቱን ሊያድነው ይችላል።

ሰኞ ጠዋት ይሄን የመሰለ ኢሜይል ትልኪያለሽ፣ ኢሜይል ካልተለመደ ቴሌግራምም ይሆናል፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፣ ቅዳሜ በተነጋገርነው መሠረት የሂሳብ መዝጋቱን ሥራ ዛሬ ጠዋት ከባንክ ሪኮንሲሌሽን ጀምሬያለሁ። ሥራውን በሰዓት ሳሰላው 96 ሰዓት ይመጣል፣ እስከ ቅዳሜ ያለኝ መደበኛ ሰዓት 48 ነው፣ ዝርዝሩን ከታች አያይዣለሁ። ለቅዳሜው እንዲደርስልን ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው ከነገ ጀምሮ ለቆጠራ ሦስት ሰው ቢመደብልኝና 12 ሰዓት ትርፍ ሰዓት እንድሠራ ቢያዙኝ ሁሉም ቅዳሜ ያልቃል፣ ቆጠራው ላይ ልዩነት ከወጣ ግን ማጣሪያው ቀኑን ሊገፋው እንደሚችል ከወዲሁ ላሳውቅዎ። ሁለተኛው ባንኩን፣ ተሰብሳቢውንና ትልቁን መጋዘን በ4 ሰዓት ትርፍ ሰዓት ቅዳሜ አስረክቤ ሁለቱን መጋዘኖች በቀጣዩ ቅዳሜ እጨርሳለሁ፣ ለባንክ የሚገባውም ጊዜያዊ ተብሎ ይገባል። ባንኩ በትክክል የሚፈልገውን ሰነድ ከብድር ክፍሉ እንድጠይቅ ቢፈቅዱልኝም ደስ ይለኛል። የቱን እንደሚመርጡ ነገ እስከ ምሳ ቢያሳውቁኝ በዚያው እቀጥላለሁ።»

እዚህ ውስጥ «አልችልም» የሚል ቃል የለም፣ «እምቢ»ም የለም፣ ሥራው ተጀምሯል። ግን ፍርድ ቤት ብትሄጂ የሚያስፈልግሽ ሁሉ አለ፦ ትዕዛዙ መቼ እንደተሰጠ፣ ሥራው ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ትርፍ ሰዓት እንዲታዘዝልሽ መጠየቅሽ። «አንደኛውን አድርጊ» ብለው ከመለሱልሽ ያ መልስ ራሱ የአንቀጽ 66 ግልጽ ትዕዛዝ ነው። ለቆጠራው ሰው ሲመድቡ ግን አንድ ነገር ተከታተይ፣ ዕቃውን የያዘው ስቶር ኪፐር የራሱን መጋዘን ብቻውን እንዳይቆጥር፣ ኦዲተሩ መጥቶ ይጥለዋል፣ አንቺም እንደገና ትቆጥሪያለሽ።

በቃል ብቻ ከመለሱልሽ፣ እንደ ልማዳቸው በኮሪደር ላይ «እሺ እሺ እንደሚሆን አድርጊው» ካሉሽ፣ ወንበርሽ ላይ ተመልሰሽ አንድ መስመር ጻፊላቸው፦ «አሁን በነገሩኝ መሠረት በሁለተኛው አማራጭ እቀጥላለሁ።» ዝም ካሉ ዝምታቸውም ከአንቺ ጋር ይቆማል። «እኔ አላውቅም፣ ቅዳሜ ይድረስ» ካሉሽ ደግሞ አትከራከሪ፣ «እሺ፣ በላክሁት ቅደም ተከተል እየሠራሁ ነው፣ በየማታው የደረስኩበትን አሳውቃለሁ፣ ትርፍ ሰዓት ካስፈለገ ትዕዛዝዎን እጠብቃለሁ» በይና በየማታው ሁለት መስመር ላኪላቸው። ያለ ትዕዛዝ ግን ሰዓትሽ ሲደርስ ውጪ።

ለዚህ ሥራ ኦቨርታይም ማዘዝ ይቻላል ወይ የሚል ሊኖር ይችላል፣ አዋጁ የሚፈቅደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሊደርስ ሲል፣ ከአቅም በላይ ችግር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖርና ባልተቋረጠ ሥራ ላይ የቀረ ሠራተኛን ለመተካት ነው፣ ያውም አሠሪው ሌላ አማራጭ ሊኖረው የማይችል ሲሆን። የባንክ ሰነድ አስቸኳይ ነው አይደለም ብሎ መሟገት ይቻላል ግን እኔ አንቺን ብሆን እዛ ላይ ጉልበቴን አልጨርስም፣ 4ና 12 ሰዓቱን እንዲሁም ክፍያውን አስከብሪ።

ክፍያው እንዲህ ነው፦ የወር ደመወዝሽ ለ208 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 100 ብር ይመጣል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 4 ሰዓት ያለው ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ 150 ብር። ከማታ 4 እስከ ጠዋቱ 12 በ1.75 ነው። በሳምንታዊ ዕረፍት ቀንሽ ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት ተኩል። የመጀመሪያው አማራጭ 12 ሰዓት ከማታ 4 በፊት ካለቀ ለድርጅቱ 1,800 ብር ነው፣ ለአንድ የብድር ማመልከቻ ምን ብር ነው ይሄ።

አንድ ነገር ላይ ግን አማራጭ አታቅርቢ። ያልተቆጠረ መጋዘን እንደተቆጠረ አድርገሽ ፈርሚ ከተባልሽ አትፈርሚ፣ «ቆጠራ ያልተደረገበት፣ የመዝገብ ሂሳብ ብቻ» ብለሽ ጽፈሽበት ስጪ። ሐሰተኛ ሰነድ ለባንክ ማቅረብ የወንጀል ጉዳይ ነው፣ አለቃ አዞኝ ነው ማለት አያድንሽም።

ይሄን ሁሉ ያልኩት አንቺ ተራ ሠራተኛ ከሆንሽ ነው። ሰው የመቅጠር፣ የማዛወር ወይም የማሰናበት ሥልጣን ያለሽ የሥራ መሪ ከሆንሽ አዋጁ አይመለከትሽም፣ የመንግሥት ሠራተኞችም በሌላ ሕግ ነው የሚታዩት። ውልሽን ይዘሽ ማዕረግሽን ሳይሆን ሥልጣንሽን እይ።

ማስረጃ ስታስቀምጪ የተጻጻፋችሁትን ብቻ ስክሪንሾት አድርጊ፣ የድርጅቱን ሂሳብ ፋይል ወደ ግል ኢሜይልሽ አትላኪ፣ ምስጢር አወጣች ብለው አዲስ ክስ ያመጡብሻል። የወሩ ደመወዝ ሲወጣ ኦቨርታይሙ ከሌለበት በዛው ሳምንት ለሰው ሀብት በጽሑፍ ጠይቂ፣ ካልከፈሉ የትርፍ ሰዓት ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳልና ቆይ ይደርሳል እያልሽ ዓመት እንዳታልፊ።