ስድቡ ለምን አይቆረቁርም?

ለወጣት ደራሲዎች፣

በቅርቡ አንዲት ጀማሪ ደራሲ የልብ ወለድ ረቂቋን ላከችልኝ። የፈጠረችው ሕዝብ ካርታ አለው፣ የነገሥታት የዘር ሐረግ አለው፣ ፊደል ሳይቀር ተቀርጾለታል። ከመጨረሻው ገጽ በኋላ ረጅም የተረትና የስድብ ዝርዝር ተያይዟል። ጥያቄዋ አጭር ነው፦ «ስድቦቼ ለምን አይቆረቁሩም?» በሁለት መስመር ልመልስላት አስቤ ነበር። ነገር ግን ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ስለቀሰቀሰብኝ ደብዳቤው ረዘመ፤ ለሌሎቻችሁም ይሆናል ብዬ አወጣሁት።

በወጣትነቴ ለሬዲዮ ተከታታይ ድራማ እጽፍ ነበር። ለአንዱ ድራማ በገደል ግድግዳ ላይ በተፈለፈሉ ዋሻዎች የሚኖር ሕዝብ ፈጠርኩ። ውሃው ከታች፣ እርሻው ከላይ፣ በመካከሉ ገመድ ብቻ። ማንም ሰው ሌላው ከላይ ሆኖ ገመዱን ካልያዘለት በቀር አይወርድም። በሬዲዮ ካርታም ልብስም ማሳየት አይቻልም፤ ያ ሕዝብ ያለው አፉ ብቻ ነበር። የራሱን ቋንቋ ከነሰዋስው ልፈጥርለት ብነሳ ደግሞ አድማጩ አንዲት ቃል አይሰማም። ስለዚህ የሚናገሩት አማርኛ ከገመዱና ከገደሉ የበቀለ እንዲመስል ማድረግ ነበረብኝ።

ሥራው የተጀመረው በመፍጠር ሳይሆን በማረም ነው። ረቂቁ ውስጥ አንድ ሽማግሌ «ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው» ብሎ ይፎክራል። ገደል ላይ ምን ፈረስ አለ? ሜዳስ ከየት መጣ? ሰረዝኩት። «ነገሩ ፈር ለቀቀ» የሚለውን ግን ተውኩት፤ ከላይ እርሻ አላቸውና። (በሬውን በምን አወጡት ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ዝም አልኩ።) የራሳችን ፈሊጥ ስለለመድነው አይታየንም፤ ስለዚህ ረቂቁን እያንዳንዱን ንግግር «እነዚህ ሰዎች ይህን ነገር አይተውት ያውቃሉ?» እያላችሁ አንብቡት።

ከዚያ ተረቱ መጣ። መጀመሪያ ብዕሬ ላይ የወደቀው «እምነት እንደ ገመድ ነው» የሚል ነበር። ይህ የደራሲ አባባል ነው፤ ሕዝብ እንዲህ አይተርትም። «እምነት» የሚባለውን ነገር በስሙ አይጠራውም፤ የሚያየውንና የሚፈራውን ይናገራል። ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ምን ይፈራል? ከላይ ያለው ሰው እንቅልፍ እንዳይጥለው ይፈራል። «የላይኛው ሲያዛጋ፣ የታችኛው ይጸልያል» የሚለው የመጣው ከዚህ ነው። ሁለት እኩል ጎን አለው፣ ግሱ በየጎኑ መጨረሻ ላይ ያርፋል፣ ማብራሪያ የለውም። የአማርኛ ጆሮ ይህን ቅርጽ ሲሰማ ተረት መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ ሰዋስው መፍጠር የማያስፈልጋችሁበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ተረቱን መጀመሪያ ያሰማሁት እውነተኛ ገመድ ባለበት ትዕይንት ነው፤ ማንም አልተረጎመውም። ከጥቂት ክፍሎች በኋላ አንዲት ሴት ዳኛ ፊት ቆማ፣ ዳኛው ሲያንቀላፋ አየችና ይህንኑ አለች። እዚያ ገመድ አልነበረም። ቆይቶም ሁለት ወዳጆች ስለ አለቃቸው ሲያሙ አንዱ «እንግዲህ የላይኛው ሲያዛጋ…» ብሎ ተወው፤ ሌላው ሳቀ። ግማሹ ተቆርጦ ሲነገር ነው ተረቱ ለዘመናት በሰው አፍ የቆየ የሚመስለው። የዛሬ ወጣቶች የምታበላሹት እዚህ ላይ ነው፤ ተረቱን ከነትርጉሙ በአንድ አንቀጽ ታራግፉትና ዳግመኛ አትመለሱበትም። ትዕግስት የላችሁም።

ወደ ስድቡ ልምጣ። የዚያ ሕዝብ ትልቁ ስድብ «እጀ ለስላሳ» ነበር። መዳፉ በገመድ ያልሻከረ፣ ማለትም ለማንም ገመድ ይዞ የማያውቅ ሰው ማለት ነው። ለእኛ ሙገሳ ሊመስል ይችላል፤ የወደድኩትም ለዚህ ነው። ከመቅረጻችን በፊት ተሰዳቢውን የሚጫወተው አዛውንት ተዋናይ ጠራኝና «ልጄ፣ ይህን ሲሉኝ እቆጣለሁ፣ አለቅሳለሁ ወይስ እደባደባለሁ?» አለኝ። ምን ይመስልዎታል አልኳቸው። ጥቂት አሰቡና «ምንም አልልም። ጓዜን ጠቅልዬ እወርዳለሁ፤ ገመዱን ግን ማንም እንዲይዝልኝ አልለምንም» አሉ። ስድቡን ስድብ ያደረገው የእኔ ቃል ሳይሆን ይህ የእሳቸው መልስ ነበር። በልምምዱ ላይ ከስድቡ በኋላ ዝምታ ሆነ፤ ከዚያ ገመድ ሲፋተግ ተሰማ። የድምፅ ባለሙያው ሳይቀር ሥራውን አቁሞ ያዳምጥ ነበር።

በመቅረጫው ቀን የበላይ ኃላፊው ጽሑፉን አየና «እጀ ለስላሳ»ን ሰርዞ «ባለጌ» አስገባበት። «አድማጭ አይገባውም» አለ። ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም። ድራማው እንደዚያው ተላለፈ። አንድ ሽማግሌ «ባለጌ» ስለተባለ ብቻ ሕይወቱን ለገደል አሳልፎ ሲሰጥ የሰማ አድማጭ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። የልምምዱ ቴፕ ሌላ ዝግጅት ተቀዳበት፤ ተዋናዩም አልፈዋል። ያን ዝምታ የሰማነው ስቱዲዮ ውስጥ የነበርነው ብቻ ነን። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የልጅቷ ስድቦች «የጨለማ ልጅ»፣ «የእባብ ዘር» የመሳሰሉት ናቸው። የትኛውም ሕዝብ ሊላቸው ይችላል፤ ስለዚህ የማንም አይደሉም። በካናዳዋ ኬቤክ ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ሲናደዱ የሚጠሩት ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ቃል ነው፦ ጽዋውን፣ ቅዱስ ቁርባኑን፣ ቁርባኑ የሚቀመጥበትን ሣጥን። ሆላንዳውያን ደግሞ በበሽታ ይሳደባሉ፤ ታይፈስና ኮሌራ በስድባቸው ውስጥ እስከ አሁን አሉ። አንዱ ያከበረውን፣ ሌላው የፈራውን ነገር ለስድብ አዋለው። የእናንተ ሕዝብ የሚያከብረው ወይም የሚፈራው ነገር ካልታወቀ ስድቡም አይገኝም።

ተረቶቻችሁ እርስ በርስ እንዲጣሉም ፍቀዱላቸው። እኛ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እንላለን፤ ተመልሰን ደግሞ «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እንላለን። ሁለቱንም አንድ ሰው በአንድ ቀን ሊላቸው ይችላል፤ የሚመርጠው ለክርክሩ የሚመቸውን ነው። ደጃዝማችነት ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ ተረቱ ውስጥ ግን አሁንም ይሾማል። ከተረቶቻችሁ አንዱ ሕዝቡ ዛሬ የማያውቀውን ዕቃ ወይም ሹመት ቢይዝ፣ ያልጻፋችሁት ታሪክ እንዳለ አንባቢው በራሱ ይጠረጥራል።

ዝርዝር አትሥሩ ልላችሁ ነበር። እኔም ግን ዝርዝር ነበረኝ፤ ያለ እሱ አልችልም ነበር። የእኔ ግን ከእያንዳንዱ ስድብ አጠገብ ማን ለማን በቀልድ ሊለው እንደሚችል፣ ማን ቢለው ደግሞ ጠብ እንደሚነሳ ተጽፎበት ነበር። «እጀ ለስላሳ»ን እናት ለሚያለቅስ ሕፃኗ እየሳመችው ትለዋለች። እኩያ ለእኩያ ከሠርግ ማግሥት ይቀልድበታል። ገመድ ላይ ላለ ሰው ግን አባቱም ቢሆን አይለውም። ይህን ልትጽፉለት ያልቻላችሁትን ስድብ ሰርዙት፤ ለአንድ ልብ ወለድ ጥቂት በደንብ የተሠሩ ይበቃሉ።

ሲጨርሱ አንድ ትዕይንት ብቻ ቆርጦ፣ ታሪኩን ለማያውቅ ሰው ያለ መፍቻ መስጠት ነው። «ይህ ቃል ምን ማለት ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ሰዎቹ ካደረጉት ተነስቶ ግምቱን ከነገራችሁ፣ ከእናንተ ትርጉም ትንሽ ቢርቅም ተዉት። መፍቻው የት አለ ብሎ ከጠየቀ ግን ቃሉን አትንኩት፤ ትዕይንቱን እንደገና ጻፉት።