ሽልማቱን አስልተሽ፣ ማህተሙን ለካሸሯ ሰጥተሽ

«ከደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በማርኬቲንግ ተመርቄ ሥራ እየፈለግሁ ነው። የሰፈራችን ምግብ ቤት ባለቤት ‹ለወጪው ሦስት ሺህ ብር እሰጥሻለሁ፤ አንዴ የበላ ሰው ተመላልሶ እንዲመጣ የሚያደርግ ካርድ ሥሪልኝ። በአንድ ወር ለውጥ ካየሁ እቀጥርሻለሁ› አሉኝ። ከምን ልጀምር?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ጊዜውን ተደራደሪ። ካርዱ በየምሳው ማህተም እየተመታበት፣ ስምንት ጊዜ ከፍሎ ለበላ አንድ ምግብ በነጻ የሚያስገኝ ነው እንበል። በሳምንት ሁለቴ የሚመጣ ሰው ስምንት ምሳ ለመብላት አራት ሳምንት ይፈጅበታል። ካርዱ ገና ሲሞላ የሙከራ ወርሽ ያልቃል፤ ስለዚህ ሁለት ወር ጠይቂ።

ከዚያ ሽልማቱን አስዪ። ሽሮው በ120 ብር የሚሸጥ ሆኖ ለበርበሬው፣ ለዘይቱና ለእንጀራው 45 ብር ይወጣበታል እንበል። ስምንት ጊዜ ከፍሎ ለበላ አንድ ሽሮ በነጻ ብትሰጪ፣ ከ960 ብር ሽያጭ ላይ የሚወጣው 45 ብር ነው። በየምግቡ አሥር በመቶ ብትቀንሺ ግን 96 ብር ይሄዳል፤ ያውም ተመልሶ ለማይመጣው ጭምር። ለኅትመት 600 ብር ከወሰድሽ በቀረው 2,400 ብር 53 ሽሮ ይሸፈናል። መቶ ካርድ ብቻ አትሚ፤ ግማሹ ቢሞላ እንኳ አያሳፍርሽም። ሽልማቱን ጥብስ አታድርጊው። ዋጋው መክበዱ ሳያንስ ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ካርዱ ኪስ ውስጥ ይተኛል።

ካርዱ ላይ ስምንት ሳይሆን አሥር ሳጥን አድርጊና ሁለቱን አስቀድመሽ ምቺ። የሚከፈለው ያው ስምንት ነው፤ ሰው ግን የጀመረውን መጨረስ ይወዳል። እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ በመኪና እጥበት ቤት ባለ ስምንት ካርድ ከተሰጣቸው 19 በመቶዎቹ ሲጨርሱ፣ ሁለት የተመታበት ባለ አሥር ካርድ ከያዙት የጨረሱት 34 በመቶ ነበሩ።

ብዙ ጊዜ ካርድን የሚያበላሸው ማህተሙ ነው። ከአስተናጋጆች እጅ ከገባ ለወዳጅ በአንድ ምሳ ሦስት ይመታል። ካሸሯ ጋር ይቀመጥ፤ በየሳጥኑ ቀንና የደረሰኝ ቁጥር ትጻፍበት። ካርዶቹንም ቁጥር ስጫቸው። ማታ ማታ የተመታውን ከተሸጠው ጋር አመሳክረሽ መዝግቢ፤ በሦስት ቀን የሞላ ካርድ ካየሽ እዚያ ላይ ጠይቂ።

በወር ኮንትራት ለሚበሉት ካርድ አትስጪ፤ እነሱ ያለ ካርድም ይመጣሉ፣ የምትሰጪያቸው ሽሮ በከንቱ የሄደ ብር ነው። ለተማሪ ስትሰጪ የዩኒቨርሲቲውን እረፍት አስቢ፤ ግቢው ሊዘጋ ሲል የታደለ ካርድ ከባለቤቱ ጋር አገር ቤት ይገባል።

ለባለቤቱ የምታሳዪው የነጻውን ሽሮ ብዛት አይደለም፤ እሱማ ለእሳቸው ወጪ ነው። ካርድ ከተሰጣቸው አዲስ ሰዎች ስንቱ ለሦስተኛ ጊዜ ከፍለው እንደበሉ ከመዝገቡ ቁጠሪላቸው። መዝገቡን ለሌላ ቀጣሪም ማሳየት እንድትችዪ ገና ሳትጀምሪ አስፈቅጂያቸው።