ስምንቱን ትምህርቶች በሳምንት እንዴት ላከፋፍላቸው?

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፦ በጎንደር ከተማ የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለብሔራዊ ፈተናው ስምንት የትምህርት ዓይነቶችን እየከለስኩ ነው። በሞዴል ፈተና ፊዚክስ 34፣ ሂሳብ 41፣ ኬሚስትሪ 52፣ አፕቲትዩድ 58፣ እንግሊዝኛ 63፣ ባዮሎጂ 74፣ አይሲቲ 77፣ ዜግነት 81 አመጣሁ። ማታ ከ1 እስከ 4 ሰዓት አጠናለሁ፤ ቅዳሜ እናቴን ገበያ ስለማግዝ የምታመቸኝ አንድ ሰዓት ብቻ ናት፤ እሑድ ከሰዓት ግን ነፃ ነኝ። ለሁሉም እኩል ሰዓት ብሰጥ ፊዚክስ አልተሻሻለም፤ ለፊዚክስ ብቻ ብሰጥ ሌሎቹ ይረሱኛል። ምን ይሻለኛል?

ውድ እህቴ፦ ሰዓት ከመደልደልሽ በፊት ውጤቶችሽን በጥንቃቄ እንመልከታቸው። ጥያቄዎቹ ባለ አራት ምርጫ በመሆናቸው ምንም የማያውቅ ተማሪ እንኳ በግምት ከመቶ ወደ 25 ያገኛል። ስለዚህ 34 ማለት ከመቶው ጥያቄ ወደ 12 ያህሉን አውቀሽ፣ የቀረውን ገምተሽ የምታገኚው ውጤት ነው፤ በዚሁ ስሌት በሂሳብ ወደ 21፣ በባዮሎጂ ደግሞ ወደ 65 ያህሉን ታውቂያለሽ። በፊዚክስና በባዮሎጂ መካከል ያለው ልዩነት በወረቀቱ ላይ ከሚታየው በጣም የሰፋ ነው፤ እኩል ክፍፍሉ ያልሠራልሽም ለዚህ ነው።

ቀጥሎ የፊዚክስ ወረቀትሽን አውጪና የተሳሳትሽውን እያንዳንዱን ጥያቄ ለምን እንደተሳሳትሽ ከጎኑ ጻፊ፦ ርዕሱን ስለማታውቂው ነው፣ ስሌቱ ስለተበላሸ ነው ወይስ ጊዜ ስላለቀብሽ? ለምሳሌ 20 ኒውተን የሚመዝን ዕቃ በ30 ዲግሪ ዘንበል ባለ ወለል ላይ ቢቀመጥ፣ በወለሉ አቅጣጫ ወደታች የሚጎትተው ኃይል 20 በሳይን 30 ሲባዛ 10 ኒውተን ነው። ሳይኑን በኮሳይን ለውጠሽ 17.3 ካልሽ የፊዚክሱን ሐሳብ ተረድተሻል፤ የጎደለሽ የትሪጎኖሜትሪ ልምምድ ነው። ከስሕተቶችሽ ብዙዎቹ እንዲህ ዓይነት ከሆኑ ለፊዚክስ የምትጨምሪው ሰዓት ፍሬ አይሰጥም፤ ሂሳቡ መቅደም አለበት። ሁለቱም ዝቅ ብለው ስለሚታዩ የአንቺም ጉዳይ እንዲህ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ የሚያረጋግጠው ግን ወረቀትሽ ነው።

ያለሽን ጊዜ በ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ስናሰላው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ በየማታው ሦስት፣ ቅዳሜ አንድ፣ እሑድ አራት፣ በጠቅላላው 20 ይሆናል። ለሂሳብ አምስት፣ ለፊዚክስ አራት፣ ለኬሚስትሪ ሦስት፣ ለባዮሎጂ፣ ለእንግሊዝኛና ለአፕቲትዩድ ሁለት ሁለት መድቢ። ዜግነትና አይሲቲ የቅዳሜዋን አንዷን በየሳምንቱ እየተፈራረቁ ይያዙ። አንዱን ባዶ ተዪው።

አቀማመጡም ዋጋ አለው። ሂሳብ በሥራ ቀናት ሁሉ አእምሮሽ ሳይደክም በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይግባ። ሁለተኛው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለፊዚክስ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ለኬሚስትሪ ይሁን፤ በዚህ አደራረግ የሂሳቡ ልምምድ ሳይቀዘቅዝ ወደ ፊዚክሱ ትሻገሪያለሽ። ሦስተኛው ሰኞና ሐሙስ ለባዮሎጂ፣ ማክሰኞና ዓርብ ለእንግሊዝኛ፣ ረቡዕ ለአፕቲትዩድ ይሰጥ። እሑድ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና አፕቲትዩድ ይከተላሉ፤ ባዶው ክፍለ ጊዜ መጨረሻ ላይ ሆኖ መብራት ጠፍቶ ወይም እንግዳ መጥቶ ያመለጠሽን ያካክሳል።

በሰሌዳው ላይ «ፊዚክስ» ብለሽ ብቻ አትጻፊ። እንዲህ ያለው ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው የምታውቂውን ገጽ ደግሞ በማንበብ ነው። «የ11ኛ ክፍል ቬክተር፣ 12 ጥያቄ» ብለሽ ጻፊና ደብተር ዘግተሽ ሥሪ። በባዮሎጂም እንዲሁ፤ 74 ያመጣሽበት ትምህርት አዲስ ንባብ ሳይሆን እንዳይረሳ በጥያቄ መነካካት ነው የሚፈልገው፤ ሁለት ክፍለ ጊዜ የበቃውም ለዚህ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የተሳሳትሻቸውን የፊዚክስ ጥያቄዎች እንደገና ሥሪያቸው። የስሌት ስሕተቱ ቀንሶ የማታውቂው ርዕስ ብቻ ከቀረ፣ ከሂሳብ አንድ ክፍለ ጊዜ ወስደሽ ለፊዚክስ ስጪ፤ ስሌቱ አሁንም የሚበላሽ ከሆነ ድልድሉን ሳትነኪ ወደ 9ኛና 10ኛ ክፍል ሂሳብ ተመለሺ፤ ብሔራዊ ፈተናው የእነዚህንም ክፍሎች ትምህርት ስለሚያካትት ጊዜው አይባክንም። የእሑዱ ባዶ ክፍለ ጊዜ በተከታታይ ሳምንታት ሞልቶ ገና ያልተሠራ ነገር ከተረፈ ደግሞ ሰሌዳው ከአቅምሽ በላይ ነውና ከእንቅልፍሽ ሰዓት ከመቁረስ ይልቅ አንዱን የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ቀንሺ።